በዶላርና በዩሮ የሚከፈለኝን ገንዘብ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ስይዝ የሠራኋቸው ስሕተቶች

ሥራዬ የቴክኒክ ሰነዶችን መተርጎም ነው። ደንበኞቼ በተለያዩ አገሮች የሚገኙ ድርጅቶች በመሆናቸው ገሚሶቹ በዶላር፣ ገሚሶቹ ደግሞ በዩሮ ይከፍሉኛል። ክፍያው በደረሰ ቁጥር ወደ አገር ውስጥ ገንዘብ ከመመንዘር ይልቅ በመጣበት ገንዘብ እንዲቀመጥልኝ ስለፈለግሁ፣ በ2020 የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፈትሁ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሒሳቡ ጠቅሞኛል፤ ዛሬም እሠራበታለሁ። ሆኖም አሠራሩን ሳልረዳ በመጀመሬ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ገንዘብ አጥቻለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝም ለልጄ ትምህርት ካስቀመጥሁት ላይ የጎደለው ነው። በዚያ መንገድ ለመግባት ያሰበ ሰው ካለ እኔ ከወደቅሁበት ጉድጓድ እንዲተርፍ በማሰብ የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ የተፈጸመው ገና ሒሳቡን ስከፍት ነው። ቅጹ ላይ «የሒሳቡ ገንዘብ» የሚል አንድ መስመር ነበር። በጊዜው ብዙዎቹ ደንበኞቼ በዶላር ይከፍሉኝ ስለነበር ዶላር ብዬ ሞላሁ። «የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ» የሚለውን ስም ስሰማ ማንኛውም የውጭ ገንዘብ እንደመጣ የሚገባበት ሒሳብ መስሎኝ ነበር፤ ጠይቄ ግን አላረጋገጥሁም። የዶላር ሒሳብ የሚይዘው ዶላር ብቻ ነው። ዩሮ ሲመጣለት ባንኩ ዩሮውን በራሱ መግዣ ዋጋ ከደንበኛው ይገዛና በምትኩ ዶላር ያስገባል። ይህን ለማድረግ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ፈቃዱን ሒሳብ ስንከፍት በፈረምነው ውል ውስጥ አስቀድመን ሰጥተነዋልና።

በኅዳር 2020 መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛ 3,000 ዩሮ ላከልኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ዩሮ በገበያ 1.20 ዶላር አካባቢ ስለነበር 3,600 ዶላር ገደማ እጠብቅ ነበር። የገባው ግን 3,510 ዶላር ሆነ። በመጀመሪያ የመላኪያ ክፍያ የተቆረጠ መስሎኝ ዝም አልሁ። በዚያው ሳምንት ለአንድ የሥራ ሶፍትዌር 1,000 ዩሮ መክፈል ነበረብኝና ከዚሁ ሒሳብ እንዲከፈል አዘዝሁ፤ ከሒሳቤ 1,230 ዶላር ተቀነሰ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው ነገሩ የገባኝ። ባንኩ አንዱን ዩሮ ከእኔ በ1.17 ዶላር ገዝቶ፣ በዚያው ሳምንት መልሶ በ1.23 ዶላር ሸጦልኛል። የራሴን 1,000 ዩሮ ሸጬ መልሼ ስገዛ 60 ዶላር ከሰርሁ ማለት ነው። ሒሳቡ ዩሮ መያዝ የሚችል ቢሆን ኖሮ ያ ክፍያ አንድም ምንዛሪ ሳያስፈልገው ከዩሮ ወደ ዩሮ ባለፈ ነበር።

የባንክ መግለጫችሁን ስትመለከቱ ይህ ወጪ «ኮሚሽን» ተብሎ አይጻፍም፤ ዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። የሚታወቅበት መንገድ ቀላል ነው። የባንኩን መሸጫ ዋጋ ወስዳችሁ መግዣ ዋጋውን ቀንሱለት፤ ልዩነቱን ለሁለቱ አማካይ አካፍሉት። በእኔ ጉዳይ 0.06 ለ1.20 ሲካፈል 5 በመቶ መጣ። ስለዚህ አንድ ጊዜ በመነዘርሁ ቁጥር የዚህን ግማሽ፣ ማለትም 2.5 በመቶ እከፍላለሁ። ባንክ ስትመርጡ የወርኃዊ አገልግሎት ክፍያውን ከማወዳደራችሁ በፊት ይህን ስሌት ሥሩ። ወርኃዊ ክፍያው ጥቂት ዶላር ሲሆን፣ የመግዣና የመሸጫው ልዩነት ግን ከእያንዳንዱ ገቢያችሁ ድርሻ እየወሰደ የሚኖር ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ሒሳብ በዩሮ ከፈትሁ። አንዳንድ ባንኮች ብዙ ገንዘቦችን በአንድ ቁጥር ሥር የሚይዝ ሒሳብ አላቸው፤ እሱም ጥሩ ነው። ሆኖም በእንዲህ ያለው ሒሳብ «ዩሮ ሲመጣ ራሱ ወደ ዩሮው ቀሪ ይገባል ወይስ ወደ ዋናው ገንዘብ ይመነዘራል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ክፍያ መጠየቂያ ስትልኩም ለዶላር የዶላሩን፣ ለዩሮ የዩሮውን የሒሳብ ቁጥር ለየብቻ ጻፉ። እኔ ከዚህ በፊት ለሁሉም ደንበኞች አንድ ዓይነት የባንክ መረጃ እልክ ነበር፤ የዩሮ ሒሳብ ከከፈትሁ በኋላ እንኳ አንድ ደንበኛ በአሮጌው ወረቀት ላይ ባገኘው ቁጥር ልኮ ያው ኪሳራ ተደግሞብኛል።

በ2021 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የ1,200 ዶላር ክፍያ ጠይቄ 1,167 ዶላር ደረሰኝ። ዶላር ወደ ዶላር ሒሳብ ስለመጣ የምንዛሪ ነገር የለበትም። ደንበኛው ሙሉውን እንደላከ ደረሰኙን አሳየኝ፤ እኔም በልቤ አላመንሁትም ነበር። በኋላ የባንኩ ሠራተኛ ባንኮች ስለ ክፍያው የተለዋወጡትን የስዊፍት መልእክት ቅጂ አትሞ ሰጠኝ። ያ አንድ ገጽ ወረቀት ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ አስተማረኝ። ከገጹ ውስጥ ለእኔ አስፈላጊ የነበሩት መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
:32A: 210216USD1182,00
:33B: USD1200,00
:71A: SHA
:71F: USD18,00
```

በ`33B` መስመር ላይ ያለው ደንበኛው የላከው መጠን ነው፤ እሱም ትክክል ነበር። በ`71F` ላይ የሚታየው 18 ዶላር በመንገድ ላይ የተቆረጠ ነው። `32A` ደግሞ ቀኑን፣ የካቲት 16 ቀን 2021ን፣ እና ወደ ባንኬ የደረሰውን 1,182 ዶላር ይናገራል። ከዚያ ላይ የእኔ ባንክ ለገቢ ክፍያ 15 ዶላር ወስዶ 1,167 ቀረ። ደንበኛዬ እውነቱን ነበር፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

ገንዘቡ በመንገድ ላይ ለምን እንደሚቆረጥ ማወቅ ይጠቅማል። የደንበኛዬ ባንክና የእኔ ባንክ አንዱ በሌላው ዘንድ ሒሳብ ከሌላቸው፣ ሁለቱም ሒሳብ የከፈቱበት ሦስተኛ ባንክ በመሐል ይገባል። ዶላር ሲሆን ይህ ባንክ አብዛኛውን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ ነው። ይህ አገናኝ ባንክ ለአገልግሎቱ የሚወስደውን ክፍያ ማን እንደሚችለው የሚወስነው `71A` የተባለው መስመር ነው። `OUR` ከሆነ ሙሉውን የመላኪያ ወጪ ላኪው ይችላል፤ `SHA` ከሆነ ላኪው የራሱን ባንክ ክፍያ ብቻ ከፍሎ የቀረው ከተቀባዩ ይቆረጣል፤ `BEN` ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይነሣል። ባንኮች ወደ አዲሱ የመልእክት አጻጻፍ ከተሸጋገሩ ወዲህ እነዚሁ ምርጫዎች `DEBT`፣ `SHAR` እና `CRED` ተብለው ሊታዩ ይችላሉ፤ ትርጉማቸው ያው ነው።

ከዚያ ወዲህ ከአዲስ ደንበኛ ጋር ስዋዋል ክፍያው በ`OUR` እንዲላክ በውሉ ላይ አስገባለሁ። የማይስማማ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ ደግሞ ክፍያዎችን አከማችቼ በአንድ ጊዜ እንዲላኩልኝ እጠይቃለሁ፤ ይህ የመንገድ ክፍያ በመጠኑ ልክ የሚያድግ ሳይሆን በአንድ መላኪያ የሚቆረጥ ነውና። 33 ዶላሩ ከ1,200 ላይ ሲቆረጥ 2.75 በመቶ ነው፤ የሦስት ወር ሥራ ተደምሮ 3,600 ዶላር በአንድ ጊዜ ቢላክ ግን ከ1 በመቶ በታች ይሆናል። በእርግጥ ሦስት ወር መጠበቅ የራሱ አደጋ አለው፤ ስለዚህ ይህን የማደርገው ለዓመታት ከማውቃቸው ደንበኞች ጋር ብቻ ነው። የዩሮ ክፍያ በአውሮፓ የጋራ የክፍያ ሥርዓት፣ በሴፓ፣ ውስጥ ባሉ ሁለት ባንኮች መካከል የሚተላለፍ ከሆነ ደግሞ የተላከው መጠን በመንገድ ሳይቆረጥ ይደርሳል። ተቀባዩ ባንክ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ከሆነ ግን ዩሮም እንደ ዶላሩ በአገናኝ ባንክ በኩል ይመጣል።

እስካሁን የተረክሁት በአሥር በአሥር ዶላር የሚቆጠር ኪሳራ ነው። ትልቁ ስሕተቴ የመጣው ሒሳቡን በሚገባ አውቄዋለሁ ብዬ ባመንሁበት ጊዜ ነው።

በግንቦት 2021 አንድ ረጅም ሥራ አጠናቅቄ ከቀደመው ቁጠባዬ ጋር ተደምሮ በዩሮ ሒሳቤ ውስጥ 9,000 ዩሮ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ለልጄ ትምህርት ቤት 10,500 ዶላር መክፈል እንዳለብኝ አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ አንድ ዩሮ 1.22 ዶላር አካባቢ ነበር። ባንኩ 2.5 በመቶውን ቀንሶ እንኳ ቢገዛኝ 10,705 ዶላር አገኝ ነበር፤ ክፍያውን ሸፍኖ 205 ዶላር ይተርፈኝ ነበር። ነገር ግን በኅዳሩ የምንዛሪ ኪሳራ ተማርሬ ስለነበር «ሳያስፈልግ አልመነዝርም» የሚል ቁርጥ ውሳኔ ነበረኝ። ደግሞም ዩሮ ጠንካራ ገንዘብ ነው፤ በውጭ ገንዘብ እስከያዝሁት ድረስ ዋጋውን አያጣም ብዬ አምን ነበር። ገንዘቡን በነበረበት ተውሁት።

ወለድም አልነበረውም። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሰኔ 2014 እስከ ሐምሌ 2022 ድረስ ባንኮች እርሱ ዘንድ በሚያስቀምጡት ገንዘብ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ወለድ ይጥል ስለነበር፣ ባንኮች ዩሮ ለሚያስቀምጥ ሰው ወለድ ለመክፈል ምክንያት አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከፍ ያለ ቀሪ ላለው ደንበኛ ማስቀመጫ ያስከፍሉ ነበር።

ዩሮው ቀስ በቀስ ይወርድ ጀመር። በየወሩ ተመኑን ስመለከት «ይመለሳል» እል ነበር። በተለይ በ2022 የአውሮፓ የጋዝ ችግርና የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለዱን በፍጥነት መጨመሩ ተደምሮ ዩሮውን ክፉኛ ጎዳው። በሐምሌ 2022፣ ክፍያው በደረሰበት ወር፣ አንድ ዩሮ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ሆነ፤ ይህ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልታየ ነገር ነበር። ባንኩ 9,000 ዩሮዬን በ0.975 ገዝቶ 8,775 ዶላር ሰጠኝ። የጎደለኝ 1,725 ዶላር ነው። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ከሒሳቡ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ በዩሮ መግለጫው ላይ ያለው ቁጥር ያው 9,000 ነበር።

የቀረበኝ ወዳጅ ትምህርት ቤቱን ጊዜ ለምኜ ጥቂት ወር እንድጠብቅ መክሮኝ ነበር። ብሰማው ኖሮ በመስከረም መጨረሻ ዩሮው ወደ 0.96 ዶላር ወርዶ ጉድለቱ ይብስብኝ ነበር፤ እስከ ታኅሣሥ ብጠብቅ ደግሞ ከ1.05 በላይ ተመልሶ ጥቂት ይሻለኝ ነበር። ይህን የማነሣው ማንም ሰው አቅጣጫውን አስቀድሞ ሊያውቀው እንደማይችል እንድታስተውሉ ነው። እኔም ስሕተቴ የዩሮን መውደቅ አለመተንበዬ አይደለም። ዕዳዬ በዶላር ሆኖ ሳለ፣ ቀኑም መጠኑም ቁርጥ ሆኖ ሳለ፣ መክፈያውን በዩሮ ማስቀመጤ ነው። ሳላውቀው በልጄ የትምህርት ክፍያ ላይ ቁማር ተጫወትሁ። የጎደለውን ተበድሬ ሞላሁት፤ ብድሩን ለመክፈል ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ተለወጠ። ቀደም ሲል ጥያቄዬ «የትኛው ገንዘብ ይጠነክራል?» የሚል ነበር፤ አሁን ግን «ወጪዬ በየትኛው ገንዘብ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በወረቀት ላይ የሚቀጥለውን አንድ ዓመት ቁርጥ ወጪዎች በሦስት ዓምድ እጽፋለሁ፦ በዶላር የሚከፈል፣ በዩሮ የሚከፈል፣ በአገር ውስጥ ገንዘብ የሚከፈል። ገቢው ሲመጣ በዚያው ልክ ይደለደላል። ለዶላር ወጪ የሚሆን ዩሮ ቢመጣ፣ ተመኑ ቢመቸኝም ባይመቸኝም፣ ያንን ድርሻ በሦስት ወይም በአራት እኩል ክፍል አድርጌ በየወሩ እመነዝራለሁ፤ እንዲህ ሲሆን አንድ መጥፎ ቀን ሁሉንም አይወስድብኝም። ለቤት ኪራይ፣ ለቀለብና ለግብር የሚሆነው በአገር ውስጥ ገንዘብ ስለሆነ የስድስት ወሩን አስቀድሜ እመነዝራለሁ። የቀረው ብቻ በመጣበት ገንዘብ ይቀመጣል። ግብርን በተመለከተ ክፍያ በገባ ዕለት የነበረውን ይፋዊ ተመን በክፍያ መጠየቂያው ቅጂ ላይ በእጄ እጽፋለሁ፤ ግብሩ የሚሰላው በአገር ውስጥ ገንዘብ ነውና፣ ከዓመት በኋላ የየዕለቱን ተመን መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው።

በ2023 ሦስተኛ ዓይነት ችግር ገጠመኝ፤ ገንዘቡ ሳይጠፋ ተያዘ። 2,400 ዶላር የሚከፍለኝ ድርጅት ክፍያውን የላከው በእኅት ኩባንያው ስም ነበር። በእኔ ክፍያ መጠየቂያ ላይ ያለው ስምና በባንኩ መልእክት ላይ ያለው የላኪ ስም ስላልተገናኘ ባንኩ ገንዘቡን ሒሳቤ ውስጥ ሳያስገባ አስቀመጠው። ለሁለት ቀን ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ ደውዬ ያወቅሁት። ውል፣ ክፍያ መጠየቂያና የሁለቱን ኩባንያዎች ግንኙነት የሚያሳይ ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ደብዳቤውን ከደንበኛው ለማግኘት አንድ ሳምንት ፈጀ፤ በድምሩ ዘጠኝ የሥራ ቀን ሆነ።

በጊዜው ብናደድም ባንኩ ለምን እንደሚጠነቀቅ በኋላ ገብቶኛል። ሕገ ወጥ ገንዘብን የማጣራት ግዴታ ያለበት ከመሆኑም በላይ፣ ጥያቄው ከአገናኝ ባንኩም ሊመጣ ይችላል፤ አጥጋቢ መልስ የማይሰጥ ባንክ ደግሞ የአገናኝ ባንኩን አገልግሎት ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ ጥያቄው ከመምጣቱ በፊት ወረቀቱን ማዘጋጀት ነው። ክፍያው በማን ስም እንደሚላክ ደንበኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በሌላ ስም ከሆነ በውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ላኪው በመልእክቱ የክፍያ ምክንያት ላይ የክፍያ መጠየቂያውን ቁጥርና የሥራውን ዓይነት ይጻፍ። በዚያ ቦታ የሚገባው ጽሑፍ 140 ፊደል ብቻ ስለሆነ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት። በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ያልገባ ክፍያ ሲኖር ደግሞ ከላኪው የክፍያውን መከታተያ ቁጥር ተቀበሉ፤ 36 ምልክት ያለው ረጅም ቁጥር ነው፤ ባንካችሁ ገንዘቡ የትኛው ባንክ ላይ እንደቆመ በእርሱ ሊያይ ይችላል። ሰነዱ ዘግይቶ ክፍያው ወደ ላኪው ከተመለሰ በመሄድም በመመለስም ክፍያ ይቆረጥበታልና ቶሎ መድረስ ዋጋ አለው።

ሒሳቡ ውስጥ ምን ያህል ገንዘብ ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ሰው የማያስበው አደጋ ስላለው ነው። በመግለጫችን ላይ «ዶላር» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በካዝና ውስጥ በስማችን የተቀመጠ የዶላር ኖት ማለት አይደለም፤ ባንኩ ያንን ያህል ዶላር ሊከፍለን ያለበት ዕዳ ነው። ባንኩ ወይም መንግሥት በቂ ዶላር ሲያጣ ዕዳው በሌላ ገንዘብ ሊከፈል ይችላል። ይህም በተግባር የታየ ነው። በግንቦት 1998 ፓኪስታን የኑክሌር ሙከራ ባደረገችበት ዕለት የውጭ ምንዛሪ ሒሳቦችን አገደች፤ ባለ ሒሳቦች ገንዘባቸውን ለማውጣት የተፈቀደላቸው በሩፒ ነበር። አርጀንቲና በታኅሣሥ 2001 ከባንክ የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ ገደበች፤ በ2002 መጀመሪያ ላይም የዶላር ተቀማጮችን በ1.40 ፔሶ እየመነዘረች ወደ ፔሶ ቀየረች፤ የገበያው ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያ እጅግ ርቆ ሄዷል። በሊባኖስም ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ባንኮች የዶላር ሒሳብ ያላቸውን ሰዎች ዶላራቸውን እንዳያወጡ ስለገደቡ፣ በባንክ ውስጥ ያለ የቆየ ዶላር ከውጭ አዲስ ከገባ ዶላር በብዙ እጥፍ ረክሶ ይሸጥ ጀመር።

እነዚህን ምሳሌዎች የማነሣው ሒሳብ እንዳትከፍቱ ለማስፈራራት አይደለም። የአገር ውስጥ ገንዘብ ሲወድቅ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ የብዙ ሰውን ቁጠባ አድኗል። ነገር ግን ገንዘቡን ከምንዛሪ መውደቅ የሚጠብቀውን ያህል ከባንኩና ከሚገኝበት አገር ሕግ አይጠብቀውም። ስለዚህ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና የውጭ ገንዘብንም ይሸፍን እንደሆነ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዋስትናው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ዩሮ ነው፤ በአሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር ነው፤ በሌሎች አገሮች ግን የውጭ ምንዛሪ ተቀማጭ ጭራሹን ከዋስትናው ውጭ ሊሆን ወይም በአገር ውስጥ ገንዘብ ሊተካ ይችላል። በስልክ መተግበሪያ የሚከፈቱ የክፍያ ድርጅቶች ሒሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የባንክ ተቀማጭ ባለመሆኑ ይህ ዋስትና በቀጥታ አይመለከተውም፤ ድርጅቱ የደንበኞችን ገንዘብ ከራሱ ለይቶ የማስቀመጥ ግዴታ ይኑረው እንጂ። እኔ እንዲህ ያለውን ሒሳብ ለመቀበያ እንጂ ለማስቀመጫ አልጠቀምበትም።

ሁለተኛው ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣበት መንገድ ነው። ማን ሊከፍት እንደሚችል፣ ገቢው በውጭ ገንዘብ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ወደ ውጭ ለመክፈል ምን ሰነድ እንደሚጠየቅ በየአገሩ ሕጉ ይለያያል፤ በአንዳንድ አገሮች ከገቢው የተወሰነው ክፍል በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መመንዘር አለበት። በሒሳቡ ላይ ያለ ዶላር በኖት መውጣቱም የተረጋገጠ ነገር አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ለጉዞ 2,000 ዶላር በእጄ ለማውጣት ሄጄ ከሦስት ቀን በፊት ማሳወቅ እንደነበረብኝና ለኖቱ የተለየ ኮሚሽን እንዳለው የተነገረኝ በመስኮቱ ፊት ቆሜ ነው። ሒሳቡን ስትከፍቱ ስለ ማስገባት ከምትጠይቁት በላይ ስለ ማውጣት ጠይቁ።

ዛሬ ሁለቱ ሒሳቦቼ አሉ፤ በሁለቱም ላይ በጋራ የማቆየው ከስምንት ወር የውጭ ገንዘብ ወጪዬ አይበልጥም። በየሦስት ወሩ የባንኩን መግዣና መሸጫ ዋጋ በአንድ ደብተር ላይ መዝግቤ ልዩነቱን አሰላለሁ። ባለፈው ዓመት ልዩነቱ ከ5 ወደ 6 በመቶ ከፍ ሲል ደብተሩን ይዤ የቅርንጫፉን ኃላፊ አነጋገርሁ፤ በአንድ ጊዜ ከ2,000 ዶላር በላይ ስመነዝር የተሻለ ተመን እንደሚሰጠኝ ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው። ለአራት ዓመት ያህል ይህን መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።